ግዴታ ነው የተባለው ግብዣ

ሲስተር የሺሃረግ ኢቲቻን ሰፈራችን ሲግናል የማያውቃት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ነርስ ናት፤ አምስት መቶ ያህል አባወራ በእሷ ስም ተመድቧል። ክረምት ከበጋ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንግታ በር ታንኳኳለች። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ፤ ክብረት እባላለሁ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን በተሰጠን ኮንቴይነር ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ታሪኩን የማውቀው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በእኔ እጅ ስላለፈ ነው።

የካቲት አምስት ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ በእጇ የጻፈችውን አንድ ገጽ ይዛ መጣች።

«ክብረት፣ በራሪ ወረቀት ልታዘጋጅልኝ ነው። ስለ ስኳር በሽታ መከላከል ለሰፈሩ ሰው ትምህርት ልሰጥ ነው። ቅዳሜ አሥራ ሰባት፣ በእድሩ አዳራሽ፣ በነፃ።»

«በአንድ ገጽ ሁለት ላድርገው?»

«ሁለት አድርገው። መሐሉን ቆርጬ እበትነዋለሁ።»

ጻፍኩላት። ጽሑፉን ከአንድ የሥልጠና መጽሐፍ ነበር የገለበጠችው። «በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ ያድርጉ፤ በአሳንሰር ፋንታ ደረጃ ይጠቀሙ፤ ዓሣና ፍራፍሬ ያዘውትሩ» ይላል። እኔ ቃሉን እንጂ ነገሩን አላየሁትም። ጸሐፊ ሲለምድበት እንዲህ ነው፤ የሰው ክስም የሰው ሠርግም በጣቱ ያልፋል።

ስለ እሷ ጥቂት ልበል። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። የተወለደችው አሁን በምትኖርበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ አቶ ኢቲቻ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ጥበቃ ነበሩ፤ እሷ ዘጠነኛ ክፍል እያለች ሞቱ። እናቷ እማማ አልጣሽ ጠላ እየሸጡ ኮሌጅ አስገቧት፣ በነርስነት በዲፕሎማ ተመረቀች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት እናቷ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ጫማ ነው የላጠኝ ብለው ቅባት ቀቡት፣ ጸበል ረጩት፣ ለልጃቸውም ሳይነግሩ ሁለት ወር ቆዩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ለካ ስኳሩ ለዓመታት ሳይታወቅ በደማቸው ውስጥ ኖሯል። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ዓይናቸውም ስለደከመ መርፌውን ራሳቸው መለካት አይችሉም፤ የምትወጋቸው ልጃቸው ናት።

በዚህ ምክንያት የሺሃረግ ከአዲስ አበባ ወጥታ አታድርም። ጅማ የዲግሪ ዕድል ደርሷት ነበር፣ ተወችው። ሐዋሳ ሥራ ያገኘ እጮኛ ነበራት፤ ሁለት ዓመት ጠብቋት ሌላ አገባ። ይህንን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ሰፈር ነው። እሷማ ስለ ራሷ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ኮፒው ማሽን ወረቀት ነክሶ አልለቅ ሲል፣ ከጎኔ ቆማ ስታየው ቆየችና «እኔን ይመስላል» አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ረቡዕ ዕለት ተመልሳ መጣች።

«አጥፋው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ወደ እንጦጦ ሄጄ ነበር። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን አስደግፈው የሚያርፉበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ አነበብኩላቸው። እትዬ አሳየች፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የሚኖሩት፣ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ልጄ፣ እኔ በእግሬ ካልሄድኩ በምን ልሄድ ነው?› አሉኝ። አሳንሰር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ‹እንዲህ ያለ ነገር ካለማ እንጨቱን ያውርድልን› ብለው ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን አፈርኩ።»

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና እንደ አዲስ ጀመርን። መጀመሪያ ያለችው «ለማን ነው የምንጽፈው?» ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከደንበኞቼ አንዱም ይህን ጠይቆ አያውቅም። ቁጭ ብሎ ለሚውለው ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዘበኛ፣ የቢሮ ሠራተኛ እንጻፍ፤ ሽቅብ ለሚወጡት እንጨት ተሸካሚዎችም እንጻፍ፤ ግን እንቅስቃሴ አድርጉ እነሱን አንበላቸው አለች። ርእሱን እኔ «የስኳር በሽታን መከላከል ይቻላል!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩት።

«አይሆንም» አለች። «በልጅነት የሚጀምረውን መከላከል አይቻልም። ከጎረቤታችን ከነ ጌድዮን ቤት በላይ የስድስት ዓመት ልጇን ኢንሱሊን የምትወጋ እናት አለች። ይህን ብታነብ ‹እኔ ነኝ ያሳመምኩት› ትላለች። በአዋቂነት የሚመጣውን ነው የምናወራው። እሱንም ‹ብዙ ጊዜ› በልበት፤ ሁልጊዜ አይደለም።»

«ርእሱ ረዘመ እኮ።»

«ፊደሉን አሳንሰው።»

ቀኑንም መርምራ ነው የመረጠችው። አርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ እንዳይሆን ጋሽ ሀሚድ ነግረዋታል፤ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ከኮንቴይነሬ ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። እሑድ ደግሞ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሌላው ጸሎት ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀረ። «ምርመራ አለ» እንድል ሐሳብ ባቀርብም አልተቀበለችኝም፤ ከጤና ጣቢያው በውሰት ያገኘችው የስኳር መለኪያ ማሽን የቀረው አሥራ ስምንት መመርመሪያ ወረቀት ብቻ ነው። የሌለንን አንጥራ አለች። በመጨረሻ የወጣው እንዲህ ይላል፦

«ስኳር የሀብታም በሽታ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን፣ በአዋቂነት የሚመጣውን የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ መከላከል ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ኑና እንነጋገር። ቅዳሜ የካቲት 17 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ በእድሩ አዳራሽ። በነፃ ነው፤ የሚሸጥ ነገርም መዋጮም የለም። ዕድሜዎ ከአርባ ካለፈ፣ በቤተሰብዎ ስኳር ያለበት ካለ፣ ሆድዎ አካባቢ ውፍረት ከጨመሩ፣ ቁጭ ብለው የሚውሉ ከሆነ፣ ወይም በእርግዝናዎ ጊዜ ስኳር ታይቶብዎት ከነበረ፣ ይህ ጥሪ በተለይ ለእርስዎ ነው።»

ከታች ለብቻው፣ በደማቁ፦

«ውኃ ቶሎ ቶሎ የሚጠማዎ፣ ሽንት የሚያመላልስዎ፣ ሳያስቡት የሚከሱ ከሆነ ግን ቅዳሜን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።»

ስጽፍ ስለ ራሴ የምጽፍ መሰለኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አባቴን የገደለው ስኳር ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከዚህ ወንበር አልነሣም፤ ከኪቦርዱ አጠገብ የለስላሳ ጠርሙስ አይጠፋም። የሺሃረግ ጠርሙሱን አየችው።

በማግስቱ አንድ ቅጂ ይዛ ወደ እንጦጦ ወጣችና አነበበችላቸው። የዚያን ዕለት ሳቅ አልነበረም። እትዬ አሳየች የታችኛውን መስመር «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ፤ ደግማ አነበበችላቸው። ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ። የሺሃረግ ጽሑፉ ገባቸው ማለት ነው ብላ ደስ ብሏት ተመለሰች።

የቀረው ማህተም ነው። ያለ ወረዳው ማህተም ወረቀት መበተን አይቻልም። አርብ ጠዋት ለአቶ ፍሥሐ አቀረበችላቸው፤ የሕዝብ ንቅናቄውን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የሆነውን በኋላ ነገረችኝ።

አቶ ፍሥሐ ክፉ ሰው አይደሉም። ከበላያቸው ሰው አለ፤ ከዚያም በላይ ሌላ አለ፤ ለዚያ ወር ሁለት መቶ ሰው በጤና ትምህርት ተሳተፈ የሚል ሪፖርት ይጠበቅባቸዋል። ወረቀቱን አነበቡና ብዕራቸውን አወጡ።

«ሲስተር፣ ቆንጆ ጽፈሻል። ግን ይህ የሠርግ ጥሪ ነው። አንድ ለአምስቱ አደረጃጀት የት አለ? ‹ሁሉም ነዋሪ በአደረጃጀቱ በኩል እንዲገኝ፣ መገኘት ግዴታ ነው፣ የተገኘም ይፈርማል› በዪበት።»

«አቶ ፍሥሐ፣ እንደ ስብሰባ ከጠራናቸው ይመጣሉ፤ ግን አይሰሙም። የምነግራቸው እኮ ስለ ገዛ ምግባቸው ነው።»

«ሰው በግብዣ አይመጣም። ስንት ዓመት የጠራሁ መሰለሽ? ባዶ ወንበር ፎቶ አንሥቼ ልላክ?»

«ሃያ ሰው ቢመጣ ይሻለኛል።»

«ላንቺ ይሻላል። ለእኔስ?» ብለው የታችኛውን መስመር በብዕራቸው ሰረዙት። «ይህቺ ደግሞ ትውጣ። ርእሱ መከላከል ነው፤ ይህ ስለ ታመመ ሰው ነው። ቦታ ይለቀቅልኝ።»

«እሷ እንኳ ትኑር አቶ ፍሥሐ። ከሁሉም እሷ ናት የምትጠቅመው።»

አቶ ፍሥሐ ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእናትሽ ቤት ውል እድሳት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከእኔ በላይም ይታያል። በግምገማ ስምሽ በአሉታዊ ከተነሣ እኔም ላድንሽ አልችልም። ለራስሽ ብዬ ነው።»

ዛቻም ምክርም ሊሆን ይችላል። እሷም እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ያወቀችው አንድ ነገር ነው፤ እማማ አልጣሽን በአንድ እግራቸው ከዚያ ቤት አውጥታ የምታስገባበት ሌላ ጣሪያ የላትም።

ኮንቴይነሬ በር ላይ ስትቆም ፊቷ አመድ መስሏል። «ጨምርበት» አለችና የተሰረዘውን ወረቀት ሰጠችኝ።

«ይህቺንም ላውጣት? የውኃ ጥሟን?»

«አውጣት።»

አወጣኋት። አንዲት ቁልፍ መጫን ነው፤ መስመሯ ጠፋች። ልከራከራት እችል ነበር። ግን የቆምኩበት መሬት የወረዳው ነው፤ ኮንቴይነሩም የወረዳው ነው፤ በዚያ ሳምንት ከጎኔ ያለውን ጫማ ሠሪ ከቦታው ሊያነሡት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።  አራት መቶ አወጣሁ፣ ማህተም ተመታበት።

ማክሰኞ ማደል ጀመረች። ያንን ሰሞን የሰውን ፊት ብታዩት! ወረቀቱን ከእጇ ሲቀበሉ ፈገግ ይላሉ፤ «ግዴታ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው እንደ በር ይዘጋል። ስለ ስኳር የጠየቀ የለም። «ስም የሚይዘው ማነው?» «አንድ ሰው ለቤተሰቡ መፈረም ይችላል?» «እስከ ስንት ሰዓት ያቆዩናል?» ነው ጥያቄው። ጋሽ ሀሚድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ሲስተር፣ ፊርማው ብቻ ከሆነ ሰዓዲያ ትምጣ፤ እኔ ሱቅ ልጠብቅ» አሏት። ሰዓዲያ ሚስታቸው ናት። ስኳር ሊይዝ የሚችለው ግን እሳቸውን ነበር፤ ሆዳቸው ከባንኮኒው ቀድሞ ነው የሚደርሰው፣ ወንድማቸውም ስኳር አለበት።

ሐሙስ ዕለት ወደ እንጦጦ ወጣች። እንጨት ተሸካሚዎቹ በማንም አንድ ለአምስት ውስጥ የሉም፤ ግዴታውም አይመለከታቸውም። ሆኖም አነበበችላቸው። ሲያልቅ እትዬ አሳየች ከተደገፉበት ቀና አሉ።

«ያ የውኃው የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ባለፈው ያነበብሽው። ውኃ የሚጠማው ይመርመር የሚለው። ቀረ እንዴ? ለእኛ አይደለም ተባለ?»

 እትዬ አሳየች ቀጠሉ፤ «እኔማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስበው ነበር። አንድ ጀሪካን ውኃ ብጠጣ አልረካም። ሽንቱም እንደዚያው። ሰውነቴም እንደምታዪው ነው፤ ቀሚሴ አልያዝ አለኝ። ከስኳር ጋር ምን አለኝ፣ ስኳር ቀምሼ አላውቅ ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንቺ አነበብሽ። ዛሬ ደግሞ የለም፤ እንግዲያው ውሸት ነበር አልኩ።»

ማሽኑ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። እጃቸውን በውኃ አስታጥባ፣ አድርቃ፣ የጣታቸውን ጫፍ በመርፌ ወጋች። ቆዳው ከመጥረቢያና ከገመድ የተነሣ ጠንክሮ ደም እምቢ አለ፤ ሁለተኛ ጣት ወጋች። ሦስት መቶ አርባ ሁለት አለ። ሰው ምግብ በልቶም እንኳ እንዲህ ካሉ ምልክቶች ጋር ሁለት መቶ ከደረሰ ስኳር አለበት ይባላል። ሸክሙን ከጓደኞቻቸው አንዷ ተረከበች፤ የሺሃረግ ራሷ ደግፋ በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው። እዚያም በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ ወዲያው ክኒን ተጀመረላቸው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አልተቀመጠችም።

«ያቺን መስመር መልሳት።»

«ወረቀቱ ተበትኗል እኮ።»

«ሌላ ትንሽ ወረቀት ሥራልኝ። እሷን መስመር፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን። ‹መስማት የፈለገ ይምጣ› በልበት። ግዴታ የሚል አልፈልግም።»

«ማህተምስ?»

«የለውም።»

 ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ደፋር ነበርኩ ይላል፤ እኔ አልነበርኩም። በሩን ወጥቼ ግራ ቀኝ አየሁ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ። 

«ፊርማህ የለበትም» አለችኝ። «ማን ጻፈው ካሉኝ እኔ ነኝ።»

«ፊደሉ የእኔ እንደሆነ ያውቁታል።»

«እንግዲያው ተወው ክብረት። በእጄ እጽፈዋለሁ።» ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ባዶ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ሦስት ስትጽፍ አየኋት። እጇ ደክሟል፤ እናቷን ለመውጋት ሰዓቷ እየደረሰ ነው። አራተኛውን ሳትጨርስ ኮምፒዩተሩን አበራሁት። አንድ መቶ ሃያ አወጣሁላት፣ በመቀስም ቆራረጥኩት፤ በማግስቱ አደለችው። አንድ ቅጂ ኪሴ ከተትኩ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ቁርስ የበላ ጥቂት ነው። በር ላይ አስፈራሚ ተቀምጧል፤ አንድ ለአምስት መሪዎቹ ዝርዝራቸውን ይዘው ይቆጥራሉ። ሰው ፈርሞ ይገባና በሩን የሚያይበት ቦታ ይመርጣል። አቶ ፍሥሐ ስለ ልማትና ስለ ጤና ሠራዊት ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን ደጋግሞ አጥፎ ጥፍር አሳከለው። ፎቶ ተነሣ። ከዚያ አቶ ፍሥሐ ሌላ ስብሰባ አለኝ ብለው መድረኩን ለእሷ ሰጥተው ወጡ።

የሺሃረግ ማይኩን ያዘች። ሁለት መቶ ሰው ያያታል፤ የሚሰማት ግን የለም። «ፊርማው አልቋል» አለች። «እኔ የምለውን መስማት ግዴታ አይደለም። የሚቸኩል ካለ በሰላም ይሂድ፤ አልቀየምም። መስማት የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ወጥመድ መሰላቸው። ከዚያ አንዱ ተነሣ፣ ሁለት፣ አሥር። ወንበሩ ሲንኳኳ አዳራሹ እንደ ገበያ ሆነ። የአንድ ለአምስት መሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩና እነሱም ወጡ። አቧራው ሲረጋ ሠላሳ አራት ሰው ቀርተናል። ከኋላ ስድስት ሴቶች ቆመዋል፤ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ትንሿን ወረቀት ይዘው። እትዬ አሳየች ከመሐላቸው ናቸው። ጋሽ ሀሚድም ነበሩ። ለካ ሰዓዲያ ትንሿን ወረቀት አስነብባ «ይህማ አንተ ነህ» ብላ ከሱቅ አባርራ ልካቸዋለች።

እንግዲህ ያኔ ነው የተናገረችው። ማይኩን አስቀምጣ፣ ወርዳ በመሐላችን ቆማ። በሻይ አራት ማንኪያ የሚጨምር ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ያውርድ፣ ምላስ ይለምዳል አለች። ለስላሳ መጠጥ ስኳር በጠርሙስ ነው አለች፤ ወለሉን አየሁ። የጾም ምግባችን ጥሩ ነው፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ፣ ዳቦና ፓስታው ይቀነስ፤ ጾም ነው ብላችሁ ግን ዘይቱን አታንሳፉት። ሲጋራና መጠጥ ተዉ። ቁጭ ብላችሁ የምትውሉ በየሰዓቱ ተነሡ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ወደ ኋላ ዞራም «ለእናንተ ሂዱ አልላችሁም፤ እናንተ ከምትችሉት በላይ ሄዳችኋል። ግን ስኳር ቀጭን ሰውንም፣ የሚሠራ ሰውንም ይይዛል። እናንተ ምልክቱን ጠብቁ» አለች።

ጋሽ ሀሚድ እጃቸውን አወጡ። «ሲስተር፣ ከያዘ በኋላስ?»

 እናቷ ስማቸው እንዳይነሣ ያስጠነቀቋት መሆኑን አውቅ ነበር። «እኔ ነርስ ነኝ» አለች። «በገዛ ቤቴ ሁለት ወር የቆየ ቁስል ሳላይ ቀርቻለሁ። ለሰው ቤት በር ሳንኳኳ። ከያዘም በኋላ በመድኃኒትና በጥንቃቄ ይኖራል። ቶሎ ከታወቀ እግርም ዓይንም ይተርፋል። ካልታወቀ ግን የሚታሰረው ታማሚው ብቻ አይደለም።» ከዚህ በላይ አልጨመረችም። ያልገባው ሰው አልነበረም።

የቀሩትን መመርመሪያ ወረቀቶች ሰኞ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምሱ ጤና ጣቢያ ለሚመጡ አደረገቻቸው። ያቺን ኪሴ የከተትኳትን ወረቀት ይዤ እኔም ሄድኩ፤ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሆነ። «ገና ስኳር አይደለም፤ ደጃፉ ላይ ነህ። መመለስ ይቻላል» አለችኝ። ጋሽ ሀሚድ ግን በሁለት ቀን ምርመራ በባዶ ሆድ መቶ ስልሳ ተገኘባቸው፤ ስኳር ነው። ከሌሎቹም በሁለት ሰው ላይ ተገኘ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የወረዳው ማተሚያ ተበላሸ ተብሎ አንድ ተላላኪ የሚተየቡ ደብዳቤዎች ይዞልኝ መጣ። አራተኛው ላይ ስሟን አየሁ። «ያለ ማህተም ወረቀት በመበተን፣ የተጠራን ሕዝብ ከስብሰባ በማሰናበት…» ይላል፤ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ማን ወረቀቱን እንዳዘጋጀ አልተጠቀሰም። አቶ ፍሥሐ ያውቁ ነበር፤ በየሳምንቱ ፊደሌን ያዩታል። ሳይጽፉት ቀሩ። ለእኔ አዝነው ነው ወይስ ሌላ ጸሐፊ ስለሌለ፣ አላውቅም።

አልጽፍም ማለት እችል ነበር። ጻፍኩት። የሆሄ ግድፈቱን እንኳ አረምኩለት።

በማግስቱ መጣች። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «አንተ ነህ የጻፍከው» አለች። መጠየቋ አልነበረም።

«እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

«ምን ታደርግ ነበር?» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ያ ነው የባሰብኝ። «ሁለት ኮፒ አንሣልኝ፤ ለፋይሌ ነው።»

የቤቱ ውል ለሰባት ወር ሳይታደስ ቆየ። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ማንም ውጡ አላላቸውም፤ ማንም ግን ተቀመጡ አላላቸውም። የሺሃረግ ማታ ማታ እናቷን ወግታ ስታበቃ ዕቃውን አሽጋ ሣጥን ላይ ሣጥን እንደምትደራርብ፣ ጠዋት ደግሞ መልሳ እንደምትፈታ እማማ አልጣሽ ለጎረቤት ነግረዋል። አቶ ፍሥሐ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ በእሳቸው ቦታ የመጡት ሰው ነገሩን ሳያውቁ ፈረሙት። ደረጃ ዕድገቷ ግን በማስጠንቀቂያው ምክንያት ሁለት ጊዜ ታለፈ።

እትዬ አሳየች ክኒናቸውን ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ሲጠፋ ወር ይዘሉ ነበር፤ ሸክሙንም አልተዉትም፣ ምን በልተው ይተዉታል። አንድ ቀን ወደ ከተማ ሲወርዱ ኮንቴይነሬ በር ላይ ቆመው «አንተ ነህ አሉ የውኃውን የጻፍከው» አሉኝ። «እሷ ናት» አልኳቸው። «እሷማ ተናገረች። የጻፈው አንተ ነህ» ብለው ሄዱ።

እማማ አልጣሽ በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ ዐረፉ። ከቀብር በኋላ ያገር ሰው ሁሉ «አሁን ተማሪ፣ አሁን ሂጂ፣ ጅማም ሐዋሳም ክፍት ነው» ይላታል። እሷም የትምህርት ማመልከቻ አስጻፈችኝ። ጨርሼ ልትፈርም ብዕሩን ስሰጣት ወረቀቱን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ክብረት፣ ይህን ቤት ለቅቄ ስሄድ ወዲያው ለሌላ ይሰጡታል አይደል?»

«ይሰጡታል።»

«ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። ሌላ የማውቀው ቤት የለም።»

ማመልከቻውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አስገባችው አላስገባችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ጃንጥላዋን አንሥታ ወደ ጋሽ ሀሚድ ሱቅ ተሻገረች፤ እግራቸውን የምታይበት ቀን ነበር።